ቫልቩ ተከፈተ፣ ፍሰቱ ግን አልጨመረም፦ የአንድ ኖዝል ጉሮሮ ጉዳይ

ጉዳዩ የአንድ ትንሽ የማቃጠያ መሞከሪያ ነው። የሚሠሩበት ልጆች ወደ ማቃጠያ ክፍሉ የሚገባውን አየር በትክክል ማወቅ ነበረባቸው። ለዚህም አየሩን መጀመሪያ እየጠበበ፣ ከዚያ መልሶ እየሰፋ በሚሄድ ኖዝል ውስጥ ያሳልፉታል። የኖዝሉ ጉሮሮ፣ ማለትም በጣም ጠባቡ ቦታ፣ 8 ሚሊሜትር ዲያሜትር አለው። መውጫው 10 ሚሊሜትር ነው። የሚሰፋው ክፍል ከመሃል መስመሩ 3 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ስለሆነ ከጉሮሮው እስከ መውጫው 19 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ከኖዝሉ በፊት ያለው ታንክ 3 ባር ላይ ተይዟል። ይህ ፍጹም ግፊት ነው፣ የከባቢ አየሩን 1 ባር ጨምሮ፣ ጌጁ 2 የሚለው። አየሩ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱም 20 ዲግሪ ሴልሺየስ።

በዚህ ሁኔታ ወደ 35 ግራም በሰከንድ ያልፋል። እነሱ የፈለጉት 45 ነው።

ማንም ሰው መጀመሪያ የሚያስበውን አሰቡ። ወደፊት የሚሄደው አየር ከፊቱ የሚገፋውን ግፊት ብንቀንስለት የበለጠ ይፈስሳል አሉ። የማቃጠያ ክፍሉን መውጫ ቫልቭ ከፈቱት፣ ለውጥ የለም። ቧንቧውን በሰፊ ቀየሩት፣ አሁንም የለም። በመጨረሻ ከጀርባ ትልቅ የቫኩም ፓምፕ ገጠሙና ከኖዝሉ በኋላ ያለውን ግፊት ከከባቢ አየር በታች አወረዱት። በሰከንድ የሚያልፈውን ክብደት በቀጥታ የሚለካው የኮሪዮሊስ መለኪያ ያው 35 ላይ ቆሟል። እኔ የተጠራሁት በዚህ ጊዜ ነው፣ የቀረበልኝም ጥያቄ «መለኪያው ተበላሽቷል ወይስ የሆነ ቦታ ተደፍኗል?» የሚል ነበር።

መለኪያው መበላሸቱን የጠረጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከኖዝሉ በኋላ ሌላ መለኪያ፣ ተንሳፋፊ ያለው ሮታሜትር አለ። ግፊቱን ሲቀንሱ የሮታሜትሩ ተንሳፋፊ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ አንዱ «ጨምሯል» ይላል፣ ሌላው «ምንም አልተለወጠም» ይላል። ቡድኑ ሮታሜትሩን አመነ፣ ምክንያቱም ዓይን የሚያየው እሱን ነው።

እውነቱን የሚናገረው ግን ኮሪዮሊሱ ነበር። ሮታሜትር የሚያነበው ክብደትን ብቻ አይደለም፣ የአየሩ እፍጋትም ንባቡ ውስጥ ይገባል። ሚዛኑ የተሠራው ለአንድ የታወቀ ግፊትና ሙቀት ነው። በሰከንድ የሚያልፈው ግራም ሳይለወጥ ግፊቱ ብቻ በግማሽ ቢወርድ፣ አየሩ ይሳሳል፣ ይፈጥናል፣ ተንሳፋፊውም ከፍ ይላል። ንባቡ የሚጨምረው በእፍጋቱ ተገላቢጦሽ ካሬ ሥር ስለሆነ፣ ከ2 ባር ወደ 1 ባር ሲወረድ ያው ፍሰት 41 በመቶ የበዛ ይመስላል። ንባቦቹን በዚህ ስናርማቸው ሮታሜትሩም 35 አለ። ሁለቱም መለኪያዎች ደህና ነበሩ ማለት ነው። የተደፈነ ነገርም አልነበረም።

የሆነው ነገር ጉሮሮው መታነቁ ነው። በዘርፉ ቾክ አደረገ የሚባለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ምን እንደሚፈጠር ማየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ጠባብ ስለሆነ አላሳልፍ አለ» ብሎ ያልፈዋል። ጥበት ብቻውን መልስ አይሆንም። በዚያው ጉሮሮ ውሃ ብናሳልፍ፣ መፍላት እስካልጀመረ ድረስ፣ የኋላውን ግፊት፣ ማለትም ከኖዝሉ በኋላ ያለውን፣ በቀነስን ቁጥር ፍሰቱ ይጨምራል። አየር የሚለየው እየፈጠነ ሲሄድ ስለሚሳሳ ነው። በሰከንድ የሚያልፈው ክብደት ደግሞ የሦስት ነገሮች ብዜት ነው፦ የፍጥነቱ፣ የእፍጋቱ፣ የቦታው ስፋት። ፍጥነት ሲጨምር እፍጋት ይቀንሳል። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ የትኛው በየትኛው ቦታ ያሸንፋል የሚል ነው።

በዚህ መሞከሪያ ቁጥሮች እንየው። ታንኩ ውስጥ የአየሩ እፍጋት 3.57 ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ነው። አየሩ ፍጥነት ይዞ የድምፅን ግማሽ፣ ማለትም ማክ 0.5 ሲደርስ፣ በሰከንድ 167 ሜትር ይጓዛል፣ እፍጋቱም 3.16 ይሆናል። ሁለቱን ስናባዛ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 529 ኪሎግራም በሰከንድ ይወጣል። ማክ 1 ላይ ፍጥነቱ 313 ሜትር በሰከንድ፣ እፍጋቱ 2.26፣ ብዜቱ 708 ይሆናል። እስካሁን ፍጥነቱ እያሸነፈ ነው። ከዚህ አልፈን ማክ 1.5 ብንሄድ ፍጥነቱ ወደ 427 ያድጋል፣ እፍጋቱ ግን ወደ 1.41 ይወድቃል፣ ብዜቱም ወደ 602 ይወርዳል። ከማክ 1 በኋላ መሳሳቱ መፍጠኑን ይቀድመዋል። 708 ጣሪያው ነው። ከ3 ባርና ከ20 ዲግሪ የተነሳ አየር በአንድ ካሬ ሜትር ከዚያ በላይ የሚያልፍበት ምንም ፍጥነት የለም።

የኖዝሉ ቅርጽም ከዚህ ይመጣል። ያው ክብደት በሁሉም ቦታ ማለፍ ስላለበት፣ ብዜቱ ከፍተኛ የሚሆንበት ቦታ ጠባቡ ቦታ መሆን አለበት። ከማክ 1 በታች ያለ አየር እንዲፈጥን መንገዱ መጥበብ አለበት። ከማክ 1 በላይ ያለ አየር እንዲፈጥን ደግሞ መንገዱ መስፋት አለበት። ሁለቱ የሚገናኙበት፣ አየሩ በትክክል የድምፅ ፍጥነት የሚኖረው፣ ስፋቱ መቀነስ ያቆመበት ጉሮሮ ላይ ነው። ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል በ1880ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ተርባይኑ ከጠበበ በኋላ የሚሰፋ ኖዝል የተጠቀመው ከጉሮሮው በኋላ ያለውን ግፊት ወደ ተጨማሪ ፍጥነት ለመቀየር ነበር። በነገራችን ላይ ከእሱ ብዙ ቀደም ብለው፣ በ1839፣ ፈረንሳውያኑ ሴንት ቬናንና ቫንዝል ከቀዳዳ የሚወጣ ጋዝ ፍጥነትን የሚሰጥ ቀመር አውጥተዋል። ከዚያው ቀመር ፍሰቱ በአንድ የግፊት ውድር ላይ ጣሪያ እንዳለው ይወጣል።

አሁን ግን ጣሪያ መኖሩ ብቻ ለቡድኑ ጥያቄ ሙሉ መልስ አይሰጥም። የቫኩም ፓምፑ ሲጎትት ታንኩ ውስጥ ያለው አየር ይህን እንዴት ሳይሰማ ይቀራል? የግፊት ለውጥ በአየር ውስጥ ዜና ሆኖ የሚጓዘው በድምፅ ፍጥነት ነው፣ ዜናውም የሚጓዘው በሚንቀሳቀሰው አየር ላይ ተሳፍሮ ነው። ጉሮሮው ላይ አየሩ ወደፊት በ313 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል፣ ዜናውም ወደኋላ የሚሄደው በ313 ነው። ወደ ታች በሚወርድ ኤስካሌተር ላይ በዚያው ፍጥነት ወደ ላይ እንደሚራመድ ሰው፣ ባለበት ይቀራል። ከጉሮሮው ወዲያ የሚደረገው መክፈት፣ ማስፋት፣ መሳብ ሁሉ ከጉሮሮው ወዲህ አይሰማም። ፍሰቱን የሚወስኑት ከጉሮሮው ወዲህ ያሉት ብቻ ናቸው፦ የታንኩ ግፊት፣ የታንኩ ሙቀትና የጉሮሮው ስፋት። ለአየር ቀመሩ አጭር ነው፦

```
m = 0.0404 × Cd × A × p0 / √T0
```

የታንኩ ግፊት `p0` በፓስካል፣ የጉሮሮው ስፋት `A` በካሬ ሜትር፣ የታንኩ ሙቀት `T0` በኬልቪን ሲገባ ውጤቱ `m` ኪሎግራም በሰከንድ ነው። `Cd` ጉሮሮው ግድግዳ ላይ የሚዘገየውን ቀጭን የአየር ንብርብርና የፍሰቱን መጠማዘዝ የሚያርም ቁጥር ነው፣ በደንብ ለተሠራ ኖዝል ከ1 ትንሽ ያንሳል። በ3 ባርና በ293 ኬልቪን ያለ እርማት 35.6 ግራም በሰከንድ ይወጣል። በ0.98 ስናርመው 34.9 ይሆናል፣ መለኪያው ያሳየው ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ከኖዝሉ በኋላ ያለው ግፊት ቀመሩ ውስጥ የለም።

ቡድኑ በቀመሩ ተስማማ፣ ግን ከመካከላቸው አንዷ መሐንዲስ ጥሩ ጥርጣሬ አነሳች። ጉሮሮው ግድግዳ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር የምታህል የግፊት መለኪያ ቀዳዳ ነበረች። መጽሐፉ እንደሚለው ማክ 1 ላይ ግፊቱ ከታንኩ 0.528 እጥፍ መሆን አለበት፣ ማለትም 1.58 ባር። ጌጁ ግን ወደ ፍጹም ግፊት ተቀይሮ 1.52 ያሳያል። «ስለዚህ ጉሮሮው ከድምፅ በላይ ሄዷል፣ ወይ ጌጁ ይዋሻል» አለች።

በአንድ በኩል ልክ ነበረች። ማክ 1 የሚደረስበት ቦታ በኖዝሉ ላይ ቀጥ ብሎ እንደ ግድግዳ የቆመ አይደለም። አየሩ የግድግዳውን ቅስት ተከትሎ ስለሚታጠፍ፣ ግድግዳው አጠገብ ያለው ከመሃሉ ቀድሞ ይፈጥናል። ስለዚህ የማክ 1 መስመር ከጠባቡ ቦታ ትንሽ ቀድሞ ከግድግዳው ይነሳና ወደፊት እያበጠ መሃል ላይ ከጠባቡ ቦታ ትንሽ አልፎ ይሻገራል። ጠባቡ ቦታ ላይ ግድግዳው ጋ ያለው አየር ከማክ 1 በጥቂቱ አልፏል፣ ግፊቱም ከ0.528 በጥቂቱ ያነሰ ነው። የጉሮሮው ቅስት በጠበቀ ቁጥር ልዩነቱ ይጎላል። ስለዚህ 0.507 ማንበብ የሚጠበቅ ነገር ነው። ዋናው ምልክት ንባቡ በትክክል 0.528 መሆኑ ሳይሆን የኋላው ግፊት ሲለወጥ ንባቡ አለመንቀሳቀሱ ነው። ይህን ለማየት የኋላውን ቫልቭ እየዘጋን ግፊቱን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ጀመርን፣ የዚህ ጉዳይ በጣም ደስ የሚለው ክፍልም የመጣው ከዚህ ነው።

እስቲ አስቡት። 0.528ን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የኋላው ግፊት ከ1.58 ባር ካለፈ መታነቁ ያበቃል ብሎ ይጠብቃል። ቡድኑም ይህን ጠብቆ ነበር። 1.6 ሆነ፣ ምንም የለም። 1.8፣ 2.0፣ 2.2። ኮሪዮሊሱ 35፣ የጉሮሮው ጌጅ 1.52። ከጉሮሮው ወዲያ ያለው ግፊት ከጉሮሮው ግፊት በግልጽ በልጧል፣ አየሩ ግን አሁንም ከ1.52 ወደ 2.2 ይፈስሳል፣ ያውም በሙሉ መጠኑ። አንዱ ቴክኒሻን ጌጁን ነቅሎ በሌላ ተካው። ንባቡ አልተለወጠም።

0.528 የሚሠራው በቀላሉ ጠቦ ለሚያበቃ ኖዝል ወይም ለቀዳዳ ነው፣ ምክንያቱም እዚያ የመውጫው ግፊትና የጉሮሮው ግፊት አንድ ናቸው። የሚሰፋ ክፍል ሲጨመር ያ ክፍል ፍጥነትን መልሶ ወደ ግፊት የመቀየር ዕድል ያገኛል። በእኛ ኖዝል የመውጫው ስፋት ከጉሮሮው 1.56 እጥፍ ነው። ኪሳራ ባይኖር ጉሮሮው ማክ 1 ላይ ደርሶ ከዚያ አየሩ እየዘገየ ቢሄድ፣ መውጫው ላይ ማክ 0.41 ይሆናል፣ ግፊቱም ከታንኩ 0.891 እጥፍ ድረስ ይመለሳል። ይህ በ3 ባር 2.67 ባር ማለት ነው። በንድፈ ሐሳብ ጉሮሮው የሚታነቀው የኋላው ግፊት ከ2.67 በታች እንደወረደ ወዲያው ነው። የአንድ አሥረኛ ያህል የግፊት ልዩነት ብቻ ይበቃዋል።

ታዲያ የኋላው ግፊት 2.2 ሲሆን በመሃል ምን ይፈጠራል? አየሩ ጉሮሮውን አልፎ መፍጠኑን ይቀጥላል፣ ከድምፅ በላይ ይሄዳል፣ ግፊቱም ከ1.5 በታች ይወርዳል። ከዚያ 2.2ን መግጠም አለበት። ይህን የሚያደርገው በሾክ ነው፣ በጣም ቀጭን በሆነ ቦታ ፍጥነቱ በድንገት ከድምፅ በታች ይወድቃል፣ ግፊቱም ይዘላል፣ ከዚያ ቀሪው የሚሰፋ ክፍል ቀስ ብሎ ግፊቱን ያነሳል። በአንድ አቅጣጫ ስሌት ስንሠራው፣ ለ2.2 ባር ሾኩ የሚቆመው አየሩ ማክ 1.67 ሲደርስ፣ ዲያሜትሩ 9.2 ሚሊሜትር በሆነበት፣ ከጉሮሮው 11 ሚሊሜትር ገደማ ርቆ ነው። የኋላውን ግፊት ስንጨምር ሾኩ ወደ ጉሮሮው ይጠጋል፣ ስንቀንስ ወደ መውጫው ይሸሻል። ጉሮሮው ግን ስለዚህ ሁሉ አያውቅም፣ ምክንያቱም በእሱና በሾኩ መካከል ያለው አየር ከድምፅ በላይ ስለሚሮጥ ዜናው አይሻገርም።

ይህን በስሌት ብቻ መቀበል አያስፈልግም ነበር። በሚሰፋው ክፍል መሃል ላይ ሌላ የግፊት ቀዳዳ አለ። የኋላው ግፊት ዝቅ ሲል ያ ጌጅ ዝቅተኛና የረጋ ንባብ ይሰጣል፣ ሾኩ ገና ከእሱ ወዲያ ስለሆነ። ቫልቩን ስንዘጋ በአንድ ቦታ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከዚያ ንባቡ በድንገት ወደ ላይ ይዘላል። ሾኩ ቀዳዳዋን አልፎ ወደ ጉሮሮው ሄደ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉ የጉሮሮው ጌጅ አልተነቃነቀም። ሁለቱን ጌጆች ጎን ለጎን አድርጎ ቫልቩን የሚያዞር ሰው ስለ መታነቅ ሌላ ማብራሪያ ብዙም አያስፈልገውም።

የሾኩ ቦታ ላይ ስሌቱን በጣም ማመን ግን ልክ አይደለም። ማክ 1.3 ገደማ ካለፈ በኋላ ሾክ ግድግዳው ላይ ያለውን የዘገየ አየር ከግድግዳው ይገነጥለዋል። ያኔ አንድ ቀጥ ያለ ሾክ ሳይሆን ተከታታይና የተበታተኑ ሾኮች ይፈጠራሉ፣ ጌጁም መዝለሉን አንድ ነጥብ ላይ ሳይሆን በሚሊሜትሮች ላይ ተዘርግቶ ያሳያል። ግፊት የመመለስ አቅሙም ከስሌቱ ያንሳል። በእኛ ኖዝል ፍሰቱ መቀነስ የጀመረው በ2.67 ሳይሆን የኋላው ግፊት 2.5 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ማለትም የታንኩ 0.83 እጥፍ ላይ። ለዚህ ዓይነት ጥርት ያለና ቀስ ብሎ ለሚሰፋ ኖዝል ይህ ደህና ውጤት ነው። ግድግዳው ሸካራ ቢሆን፣ ወይም የሚሰፋው ክፍል በፍጥነት ቢከፈት ኖሮ፣ ቁጥሩ ብዙ ዝቅ ይል ነበር። በጣም ትናንሽ ኖዝሎች ላይ ደግሞ ከሚጠበቀው ቀድሞ መታነቁ የሚፈታበት ሁኔታ አለ። ስለዚህ ይህን ወሰን ከመጽሐፍ ከመውሰድ በራስ ኖዝል ላይ መለካት ይሻላል፣ ሥራውም አንድ ቫልቭ ማዞር ነው።

ከ2.5 በላይ ስንሄድ ነገሩ ሌላ ሆነ። ሾኩ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ጠፋ፣ ጉሮሮው ከድምፅ በታች ወረደ፣ ኖዝሉም ተራ ቬንቱሪ፣ ማለትም ጠቦ የሚሰፋ ግን ያልታነቀ ቧንቧ፣ ሆነ። የኋላው ግፊት 2.8 ሲሆን ያለ ኪሳራ የሚሰላው ጉሮሮ ላይ ማክ 0.56፣ ግፊት 2.43 ባርና 29 ግራም ገደማ በሰከንድ ነው። መለኪያው ከዚያም ትንሽ ዝቅ አለ። አሁን የኋላው ቫልቭ በትንሹ ሲነካ የጉሮሮው ጌጅም ኮሪዮሊሱም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ዜናው መሻገር ጀምሯል።

በሌላኛው ጫፍ፣ የቫኩም ፓምፑ በሚጎትትበት በኩል፣ የኋላው ግፊት ከ1.81 ባር ሲወርድ ሾኩ መውጫው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በታች ከኖዝሉ ይወጣል። ወደ 0.44 ባር ሲወርድ የመውጫው ግፊት ከአካባቢው ጋር ይስማማል። ይህ ለሮኬት ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው፣ እሱ የሚፈልገው ከመውጫው የሚወጣውን ፍጥነት ነውና። ፍሰቱን ብቻ ለሚፈልገው ለዚህ ቡድን ግን ከ2.5 ባር በታች ያለው ሁሉ አንድ ነው። የቫኩም ፓምፑ ተነቅሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወደ 45 ግራም እንመለስ። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጉሮሮውን ማስፋት ነው፣ ስፋቱ በ29 በመቶ እንዲጨምር ዲያሜትሩ ከ8 ወደ 9.1 ሚሊሜትር መሄድ አለበት። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መውጫው 10 ሆኖ ከቀረ የሚሰፋው ክፍል አጭርና ትንሽ ይሆናል፣ የስፋቱ ውድር ወደ 1.2 ይወርዳል፣ ግፊት የመመለስ አቅሙም ይቀንሳል። ከዚያ ላይ 8 ሚሊሜትር ጉሮሮ ላይ የ0.1 ሚሊሜትር ስህተት ፍሰቱን 2.5 በመቶ ያዛባል፣ እንደገና መለካትና ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የታንኩን ግፊት ከፍ ማድረግ ነው። ፍሰቱ ከታንኩ ፍጹም ግፊት ጋር ቀጥታ ስለሚሄድ 3 ባር በ45 ተባዝቶ ለ35 ሲካፈል 3.86 ባር ይሆናል። የታንኩን ግፊት የሚይዘው ሬጉሌተር ይህን ይችል ስለነበር ይህኛው ተመረጠ።

እዚህ ላይ ጌጅ ንባብን በቀጥታ ማባዛት ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ጌጁ 2 ባር ስለሚል 2 ሲባዛ 1.286 ብሎ ወደ 2.57 ማዞር ያምራል። ያ ፍጹም 3.57 ነው፣ ፍሰቱም ወደ 41.7 ብቻ ይደርሳል። ጌጁ መቆም ያለበት 2.86 አካባቢ ነው። ሬጉሌተሩ እዚያ ሲደርስ ኮሪዮሊሱ 45 አለ።

የታንኩ ግፊት ሲነሳ የኋላውም ይነሳል፣ ስለዚህ መታነቁ ይፈታ ይሆን ወይ የሚል ስጋት ነበር። የማቃጠያ ክፍሉ መውጫ ቫልቭ ራሱ የታነቀ ከሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ግፊት ፍሰቱ በጨመረበት ልክ ይጨምራል፣ ውድሩም ባለበት ይቆያል። በቀዝቃዛ አየር ይህ ሆነ። እሳት ሲለኮስ ግን ሌላ ነው፣ በጋለ ጋዝ ያው ቫልቭ ያንኑ ክብደት ለማሳለፍ ብዙ ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል። በሥራ ላይ የሚያስፈራው ይህ ነው። ከታንኩ 0.83 እጥፍ ወሰን እንዳያልፍ ቡድኑ ክፍሉን ከ0.75 በታች ለመያዝ ወሰነ፣ በ3.86 ባር ይህ 2.9 ባር ገደማ ነው።

ቀጥሎ ያለው ቅሬታ ከተስተካከለ በኋላ ነው የመጣው። ፍሰቱ ጠዋት 45 ሆኖ ቆይቶ እየቀነሰ ይሄዳል አሉ። ሬጉሌተሩ እንደቆመ ነው፣ ጌጁ አልተንቀሳቀሰም፣ መታነቁም እንዳለ ነው። ከታንኩ በፊት ማሞቂያ እንዳለ የሰማሁት ያኔ ነው፣ ለአንዳንድ ሙከራ አየሩን እስከ 80 ዲግሪ ያሞቁታል። ቀመሩ ውስጥ ሙቀቱ ከካሬ ሥር በታች ነው፣ በኬልቪን። ከ293 ወደ 353 ሲሄድ ፍሰቱ በ9 በመቶ ይቀንሳል፣ 45 ወደ 41 ይወርዳል። ነገሩን አስደሳች የሚያደርገው አየሩ ጉሮሮው ላይ እንዲያውም በፍጥነት መሄዱ ነው፣ ከ313 ወደ 344 ሜትር በሰከንድ፣ ምክንያቱም በሞቀ አየር የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። ማክ ቁጥሩ ያው 1 ነው። እፍጋቱ ግን ፍጥነቱ ከጨመረው በላይ ወርዷል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ታንኩ ውስጥ ተገጠመ፣ ሬጉሌተሩም በሙቀቱ ልክ እንዲስተካከል ሆነ። ለ80 ዲግሪ ከ3.86 ይልቅ 4.24 ባር ያስፈልጋል።

አየሩ ደረቅ ይሁን ያልኩት ደግሞ ለወጉ አይደለም። ከ20 ዲግሪ የተነሳ አየር ጉሮሮው ላይ ከዜሮ በታች 29 ዲግሪ ይደርሳል። ሾኩ ከኖዝሉ ከወጣና አየሩ ሳይገነጠል እስከ መውጫው ከተስፋፋ ደግሞ ማክ 1.9 ላይ ከዜሮ በታች 103 ዲግሪ ይሆናል። ኮምፕረሰሩ ያመጣው እርጥበት ካለ በሚሰፋው ክፍል ውስጥ በድንገት ወደ ጭጋግ ይለወጣል፣ የሚለቀውም ሙቀት የራሱን የግፊት ዝላይ ይፈጥራል፣ ሾክ የመሰለ፣ ሾክ ግን ያልሆነ። መሃል ያለው ጌጅ ላይ የኋላው ቫልቭ ሲዞር ቦታውን የማይለውጥ ዝላይ ከታየ መጠርጠር ያለበት ማድረቂያው ነው። ከጉሮሮው ወዲህ ያለውን ፍሰት ይህ ብዙ አይነካውም፣ በግድግዳው ላይ በረዶ ተጋግሮ ጉሮሮውን ራሱን ካላጠበበው በስተቀር። ያኔ ጌጆቹ ሁሉ የተለመደውን እያሉ ኮሪዮሊሱ ብቻ ቀስ እያለ ይወርዳል።

ቡድኑ አሁን ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት የኋላውን ቫልቭ ትንሽ ያዞርና የጉሮሮውን ጌጅ ያያል። ከተንቀሳቀሰ ሙከራው አይጀመርም።